ሰፊ ኪውአርኤስ፣ 167 ምት፣ ሰውየው ግን እያወራ ነው። ይህን የኢሲጂ ስትሪፕ እንዴት ታነቡታላችሁ?

ተረኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፣ አራተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ተረኛ ሆኜ የገጠመኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የ61 ዓመት ሰው ልጃቸው ደግፏቸው መጡ። ከሦስት ዓመት በፊት የልብ ድካም ሳይሆን ያው "ሃርት አታክ" የሚባለው ይዟቸው ተኝተው ታክመዋል። የዚያን ዕለት እራት በልተው ቁጭ ባሉበት ልባቸው በአንዴ መሮጥ ጀመረች። አልቧቸዋል፣ ፊታቸው ገርጥቷል፣ ግን ይናገራሉ። እንዲያውም "ልጄን አታስጨንቂው፣ ሻይ ስጪው" ይሉኛል። ደም ግፊታቸው 105/70።

ስትሪፑን አውጥቼ ቆጠርኩ። ወረቀቱ ላይ 25 mm/s ይላል። ከአንዱ ኪውአርኤስ እስከ ሌላው 9 ትናንሽ ሳጥን ነው፣ እኩል ነው፣ አይዛነፍም። 1500 ለ9 ሲካፈል 167 ገደማ ይመጣል። የኪውአርኤሱ ስፋት ደግሞ 4 ትናንሽ ሳጥን ነው። II ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ aVR ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ፒ ሞገድ ፈልጌ ከእያንዳንዱ ምት ፊት ማግኘት አልቻልኩም። እዚህም እዚያም ግን ትናንሽ ጉብታዎች አሉ።

አብሮኝ ያለው ሐኪም "ኤስቪቲ ነው፣ ሰውየው እኮ ደህና ነው፣ ቬራፓሚል አምጪ" አለኝ። እኔ ደስ አላለኝም። ግን የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? መጨረሻውን በኋላ እነግራችኋለሁ። ስትሪፑን አያይዣለሁ፣ 10 ሰከንድ ነው።

አዲሱ ኢንተርን

እኔም ከሐኪሙ ጋር ነኝ። ምቱ ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳበት ቪቲ ቢሆን ኖሮ ይወድቁ ነበር። ግፊታቸው 105 ነው፣ ያወራሉ፣ ልጃቸው ሻይ እንዲጠጣ ያዝዛሉ። ከላይ የሚነሳው ኤስቪቲ ሆኖ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ቅርንጫፍ በኩል ሲያልፍ ተዘግቶበት ነው ኪውአርኤሱ የሰፋው። መጀመሪያ አዴኖሲን እሰጥ ነበር። ከቆመ ኤስቪቲ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ሰዓቴ ደወለ

ዶክተሮች እባካችሁ እኔንም እዩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ስቅም የእጅ ሰዓቴ 130፣ 135 ያሳየኛል። አንድ ጊዜ ግራፉን አወጣሁት፣ ቀጫጭን ሹል ሹል ነገር ነው። ይሄ እናንተ የምትሉት ነው? ደግሞ ምክር ለመስማት አይደለም፣ ጫት ተው የሚለኝ ሰው ቤት ውስጥ አለ።

ካሊፐር

ሲስተር፣ ስትሪፑን ትልቅ አድርጌ አየሁት። ደስ ያላለሽ በደንብ ነው።

መጀመሪያ ኢንተርኑን ላንሳ፣ ምክንያቱም ያለው ነገር ግማሹ ትክክል ነው። ኤስቪቲ ቅርንጫፍ ተዘግቶበት ሊሰፋ ይችላል፣ አለ። "ግፊቱ ደህና ስለሆነ ቪቲ አይደለም" የሚለው ግን ሰው የሚገድል አባባል ነው። ቪቲ ይዞት በእግሩ ተራምዶ የገባ ሰው አይቻለሁ። ግፊቱን የሚወስነው የምቱ ፍጥነትና የቀረው የልብ ጡንቻ ጉልበት ነው። ግፊቱ ምን ያህል ጊዜ እንዳለህ ይነግርሃል። ምቱ ከየት እንደሚነሳ ግን አይነግርህም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጤነኛ ልብ ላይ ፒ የላይኞቹ ክፍሎች ሲነሱ የምትወጣው ትንሽ ጉብታ ናት። ከዚያ አጭር ዝምታ አለ፣ ከዚያ ኪውአርኤስ ይመጣል፣ የታችኞቹ ክፍሎች ናቸው። ቲ ደግሞ የታችኞቹ ለቀጣዩ ምት ሲዘጋጁ ነው። ጤነኛ ኪውአርኤስ ከ3 ትናንሽ ሳጥን በታች የሚሆነው ልብ ውስጥ ፈጣን መንገድ ስላለ ነው። ኤሌክትሪኩ ያንን መንገድ ይዞ ሁለቱንም ወገን በአንዴ ያዳርሳል። ምቱ ከታችኛው ጡንቻ ራሱ ከተነሳ ግን መንገዱን አያገኘውም። ከጡንቻ ወደ ጡንቻ እየተዳሰሰ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ይዘገያል፣ ኪውአርኤሱም ይሰፋል። የሲስተርን 4 ሳጥን ያመጣው ይህ ሊሆን ይችላል። ግን ኢንተርኑ ያለውም ሊሆን ይችላል፣ ስፋት ብቻውን አይለያቸውም።

የሚለያቸው እነዚያ "እዚህም እዚያም" ያልሻቸው ጉብታዎች ናቸው። የታችኛው ክፍል በራሱ ሲሮጥ የላይኛው ብዙ ጊዜ አያውቅም። የራሱን ምት እየመታ ይቀጥላል። ሁለት ሰው በአንድ ቤት ሳይነጋገር እንደሚኖረው ነው። ይህን ወረቀቱ ላይ ካሳየሽ ቪቲ ነው፣ ክርክሩ አለቀ።

ነጭ ወረቀት ውሰጂ። ጠርዙን ከስትሪፑ ስር አስጠጊ። በግልጽ የምትታይ ጉብታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ፣ ቀጥሎ በምታያት ላይም እንዲሁ። ምን ያህል ሳጥን እንደሆነ ቁጠሪና መልሺልኝ።

ተረኛዋ

ልጆቹ ሲተኙ አደረግኩት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ጉብታዎች በየ17 ትንሽ ሳጥን ይመጣሉ። ልክ 17። ከዚያ ይጠፋሉ። ረጅም ቦታ ምንም የለም። ከዚያ ሌሎች አራት ይመጣሉ፣ እነሱም በየ17። መሃል የጠፉበት ርቀት 102 ሳጥን ነው።

አዲሱ ኢንተርን

ይቅርታ ግን አንድ ነገር። የኪውአርኤሱ ርቀት 9 ነው፣ የፒው 17። በግምት እጥፍ ነው። ታዲያ እያንዳንዷ ፒ ከሁለት ሁለት ኪውአርኤስ ጋር ተያይዛ ልትሆን አትችልም? አንድ ላይ ከሄዱ "አይነጋገሩም" የሚለው አይሠራም።

ካሊፐር

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚህ መድረክ ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልመጣም።

የ9 እጥፍ 18 ነው እንጂ 17 አይደለም። ይህች አንድ ሳጥን ናት ጨዋታው ሁሉ። ቢያያዙ ኖሮ ፒዋ ሁልጊዜ ከኪውአርኤሱ እኩል ርቀት ላይ ትቀመጥ ነበር። እዚህ ግን የመጀመሪያዋ ጉብታ ከኪውአርኤሱ መነሻ 8 ሳጥን ርቃለች። ሁለተኛዋ 7፣ ሦስተኛዋ 6፣ አራተኛዋ 5። እየተጠጋች ነው። ሲስተር፣ ስትሪፑ ላይ አረጋግጪልኝ። ቀጣይዋ 4 ላይ ትወድቃለች፣ ኪውአርኤሱ ግን 4 ሳጥን ሰፊ ነው፣ እዚያ ከገባች አትታይም። 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0። አምስቱ ተሸፍነዋል። ከዚያ ከቀዳሚው ኪውአርኤስ 8 ላይ ሆና ብቅ ትላለች።

102 ለ17 ሲካፈል ልክ 6 ነው። ከአራተኛዋ ጉብታ እስከ ተመላሿ ድረስ ስድስት እርምጃ፣ መሃል አምስት የተደበቁ። ቆጠራው ገጠመ። የላይኛው ክፍል በደቂቃ 88 ይመታል፣ የታችኛው 167፣ አንዱ ስለ ሌላው ግድ የለውም። ቪቲ ነው።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁልጊዜ አይገኝም። ምቱ 200 ሲደርስ ጉብታዎቹ የሚታዩበት ቦታ የለም። አንዳንዱ ቪቲ ላይ ደግሞ የታችኛው ምት ወደ ላይ ተመልሶ ፒን ይጎትታል፣ ያኔ በእውነት ይያያዛሉ። ስለዚህ ይህን ስላጣህ "ቪቲ አይደለም" ማለት አትችልም። ካገኘኸው ግን አገኘኸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ ሞኒተር ተመልካች ሆኜ ነው የምሠራው። የ40 ሰው ልብ ስክሪን ላይ ቁጭ ብዬ ሌሊቱን አያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ መድኃኒቱ አላወራም። ግን ከማየው ቪቲ መሳይ ውስጥ ብዙው ቪቲ አይደለም።

ታካሚ ጥርሱን ሲቦርሽ እጁ ሽቦውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሰፊ ፈጣን ማዕበል ይወጣል፣ አላርሙ ይጮኻል። አገር ቤት መፋቂያ እንደሚሆን እገምታለሁ። ብርድ ብርድ የሚለው ሰውም እንዲሁ። ሩጬ ገብቼ ታካሚው አረፋ በአፉ "ምን ሆንሽ?" ብሎኝ ያውቃል።

እኔ የማየው ማዕበሉ ውስጥ ሹል ሹል ጫፎች መኖራቸውን ነው። ማዕበሉ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን የኪውአርኤስ ርቀት ይዤ ወደ ውስጥ እራመዳለሁ። ጫፎቹ ያንኑ ርቀት ጠብቀው ከመጡ ልቡ ደህና ነው፣ የሚንቀጠቀጠው ሽቦው ነው። ደግሞ የጣቱ ኦክስጅን መለኪያ ሞገድ ከታች አለ። እሱ በቀድሞው ፍጥነት በረጋ ሁኔታ እየሄደ ከሆነ ቪቲው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የሲስተር ስትሪፕ ግን እንደዚያ አይደለም። በ12ቱም የኢሲጂ አቅጣጫዎች እኩል ነው፣ ሰውየውም አልቧቸዋል።

ባዮሜድ ነኝ

ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ስለ ልብ የማውቀው ከእናንተ በመስማት ነው። ግን ሲስተር መጀመሪያ 25 mm/s ማለቷን ወድጄዋለሁ። ማንም አያየውም።

አንድ ጤና ተቋም "ማሽኑ ተበላሽቷል፣ የሁሉንም ሰው ልብ ሰፊ አድርጎ ያወጣል" ተብዬ ሄጄ ነበር። የተበላሸ ነገር የለም። አንድ ሰው ቁልፉን ነክቶ 50 mm/s አድርጎታል። ወረቀቱ በእጥፍ ሲሮጥ 2 ሳጥን የነበረው ኪውአርኤስ 4 ይሆናል፣ የምቱ ቁጥር ደግሞ ግማሽ ሆኖ ይነበባል። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ሲሠሩ ነበር።

ካሊፐር

ባዮሜድ፣ ይህን ለተማሪዎቼ እሰርቀዋለሁ።

ሰዓቴ ደወለ፣ አልረሳሁህም። ቀጭን ሹል ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ፒ ካለ፣ ፍጥነቱም ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ከወረደ ልብህ በተለመደው መንገድ እየሮጠች ነው፣ ጫቱ ነው የሚያስሮጣት። ሲስተር የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው፣ በአንዴ የሚጀምርና ሰፊ። አንተም በአንዴ፣ እንደ መብራት ማብሪያ ብሎ ከጀመረህ፣ ወይም ራስህን ከሳትክ፣ ወይም ደረትህን ካመመህ ሰዓቱን አትጠብቅ፣ ሐኪም ቤት ሂድ። ሰዓቱ የሚያይህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ሰዓቴ ደወለ

ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ይህን ክር እንዳታየው።

አዲሱ ኢንተርን

እሺ ቪቲ ይሁን። ግን ሌሊት በስምንት ሰዓት ማን ነው 17 ሳጥን የሚቆጥረው? እና አዴኖሲኑስ? ምቱ እኩል ከሆነና ቅርጹ አንድ ዓይነት ከሆነ መሞከር ይቻላል ተብሎ ተምረናል።

ካሊፐር

ልክ ነህ፣ እንደዚያ ይባላል። ዲፊብሪሌተሩ ከጎንህ በርቶ ከሆነ አልጣላህም። የማልስማማው "ከቆመ ኤስቪቲ ነበር" በሚለው ነው። በአዴኖሲን የሚቆም ቪቲም አለ፣ በተለይ ልባቸው ጤነኛ በሆኑ ወጣቶች ላይ። ስለዚህ መቆሙ ምንም አያረጋግጥልህም።

ቬራፓሚል ግን ሌላ ነው። የልብ ጡንቻን ጉልበት ይቀንሳል፣ ደም ስሮችንም ያሰፋል። ቪቲ ላለበት፣ ያውም የልብ ጡንቻው ቀድሞ ለተጎዳ ሰው ስትሰጠው ያ 105 የነበረው ግፊት እጅህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እየተናገረ የነበረው ሰው መናገር ያቆማል። ስሕተቱን ማወዳደር ነው፦ ኤስቪቲን ቪቲ ነው ብለህ ብታክም ብዙ አትጎዳውም። ቪቲን ኤስቪቲ ነው ብለህ ቬራፓሚል ብትሰጥ ልትገድለው ትችላለህ።

ማን ይቆጥራል ላልከው፣ እውነትህን ነው። ለዚህ ነው ሌሊት የሚሠራው ሌላ ጥያቄ የሆነው፦ ዕድሜው ስንት ነው፣ ልቡ ቀድሞ ተጎድቷል ወይ? ሰፊና ፈጣን ከሆነ ስትሪፕ ከአስሩ ስምንት ገደማ ቪቲ ነው። ያለፈ ሃርት አታክ ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ። ጠባሳው ዙሪያ ኤሌክትሪኩ እየዞረ ይቀራል። ሲስተር ይህን ታሪክ ከሰውየው አፍ በሁለት ደቂቃ ወስዳለች። ቆጠራው በኋላ ቡና እየተጠጣ ነው።

እና የድሮ ኢሲጂ ካላቸው ልጁን ላኩት ያምጣ። ድሮም በጤናቸው ኪውአርኤሱ እንደዚሁ ሰፊና ቅርጹም አንድ ዓይነት ከነበረ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ተረኛዋ

እሺ መጨረሻው ይኸው።

ቬራፓሚሉን ለማምጣት ዘገየሁ። ሆን ብዬ ነው፣ እውነቱን ልናገር። "ሲኒየሩን እንጥራ" አልኩት፣ ተቆጣ፣ ግን ደወለ። ሲኒየራችን በስልክ "የልብ ታሪክ አለው?" ብሎ ብቻ ጠየቀ። አለው ሲባል "ቪቲ ነው፣ ቬራፓሚል እንዳትነኩ፣ መጣሁ" አለ። ልክ ካሊፐር እንዳለው።

አሚዮዳሮን ያን ሌሊት አልነበረንም። ሊዶኬይን ነበር፣ ተሰጠ፣ አልቆመም። በዚያ መሃል ግፊታቸው 80 ገባ። ሻዩንም ረሱት፣ መልስ መስጠት ቀነሱ። እንቅልፍ የሚያስይዝ ተሰጣቸው። ሲኒየሩ ማሽኑ ላይ ሲንክ የሚለውን ተጭኖ በእያንዳንዱ ኪውአርኤስ ላይ ምልክቱ መታየቱን አየ፣ 100 ጁል ላይ አድርጎ ሁላችንም ከአልጋው መራቃችንን አረጋግጦ ለቀቀው። አንድ ጊዜ። ለአፍታ ቀጥ ያለ መስመር ታየኝ፣ የእኔም ልብ ቆመች። ከዚያ ፒ፣ ኪውአርኤስ፣ ቲ። ፒ፣ ኪውአርኤስ፣ ቲ።

በኋላ የወጣው ኢሲጂ ላይ ኪውአርኤሱ 2 ሳጥን ነው። II፣ III እና aVF ላይ የድሮው ጠባሳ ምልክት አለ። ሰውየው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልከዋል። ሐኪሙ በማግስቱ ቡና ጋበዘኝ፣ ስለ ጉዳዩ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ካሊፐር

ጠባሳው ከታች በኩል ነው፣ ቪቲው II ላይ ወደ ታች aVR ላይ ወደ ላይ ነበር። ምቱ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ገጠመ። ፖታሲየሙስ?

ተረኛዋ

3.1 ነው የመጣው። የግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛ ነው። ተቅማጥም ነበራቸው ሁለት ቀን።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኛ ጋ ቢሆን ሊዶኬይኑን ሳይጠብቁ ቀድመው ሾክ ያደርጉ ነበር መሰለኝ።

ካሊፐር

እኔም ብዙ አልጠብቅም ነበር። ግን እያወራ ያለን ሰው አስተኝቶ መምታት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። በቂ ሰው፣ ኦክስጅን፣ አየር ቧንቧ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ሲኒየራቸው ያለውን ያውቃል። እዚህ ላይ አልፈርድም።

አዲሱ ኢንተርን

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሲስተር ያያያዘችው ሁለተኛ ስትሪፕ ላይ፣ ከሊዶኬይኑ በፊት ያለው፣ መሃል ላይ አንድ ለየት ያለ ምት አለ። 9 ሳጥን ሳይሞላ 8 ላይ መጥቷል፣ ጠበብ ይላል። ይሄ የላይኛው ምት ለአንድ አፍታ አልፎ የታችኛውን ሙሉ በሙሉ የያዘበት አይደለም? ይህን አንዷን ምት ብናያት ኖሮ ያ ሁሉ ቆጠራ አያስፈልግም ነበር!

ካሊፐር

ጎበዝ፣ እኔም አላየኋትም ነበር። ግን ሙሉ በሙሉ ይዞታል አልልም። ስፋቷን ለካሁ፣ 3 ሳጥን ናት። ቪቲው 4፣ ጤነኛው 2። መሃል ላይ ናት፣ ስለዚህ ሁለቱ ተገናኝተው የወለዷት ድቅል ምት ትመስለኛለች።

አዲሱ ኢንተርን

እኔ ስለካው 2 ተኩል ነው የሚመጣው። ያኛው ግማሽ ሳጥን የቲው መነሻ ነው።

ካሊፐር

የቲው መነሻ አይደለም። ሲስተር፣ ያችን ምት አቅርበሽ በስልክ ፎቶ አንሺልን።

ተረኛዋ

ነገ። አሁን ዱቲ ልገባ ነው።